ደካማውን ማዳን ወይስ ሰፊውን ቦታ መያዝ? የጎ ጨዋታ መክፈቻ ላይ የዘጠነኛዋ ጠጠር ውሳኔ

ጎ መጫወት ከጀመራችሁ ጥቂት ወራት ካለፉ ይህ ጥያቄ ሳይገጥማችሁ አልቀረም። በአንድ በኩል ሁለት ጠጠሮቻችሁ ማረፊያ አጥተው ተንጠልጥለዋል። በሌላ በኩል ማንም ያልነካው ሰፊ ጎን አለ። ተራው የእናንተ ነው፣ የምታስቀምጡት ግን አንድ ጠጠር ብቻ ነው። ጃፓኖች ሰፊውን ክፍት ቦታ «ኦባ»፣ አጣዳፊውን «ኪዩባ» ይሉታል፤ ኪዩባ ከኦባ ይቅደም የሚል አባባልም አላቸው። አባባሉ ትክክል ነው። ችግሩ የትኛው ቦታ አጣዳፊ እንደሆነ አይነግራችሁም። ጀማሪ በአባባሉ ተመርቶ የማያስፈልገው ቦታ ላይ ጠጠር ሲጨምር፣ ትንሽ የለመደው ደግሞ አባባሉን ንቆ ሰፊውን ሲያነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛው እኔ ራሴ ነበርኩ።

ስለዚህ አንድ ሰሌዳ እንዘርጋና አንዲቱን ተራ ብቻ እንመርምር። ሰሌዳ ካላችሁ አውጡት፣ ከሌላችሁ ስልክ ላይ ክፈቱ። የሰሌዳው ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ከA እስከ T ይሰየማሉ (I ይዘለላል)፣ መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 19 ይቆጠራሉ።

ሰሌዳውን መደርደር

ጥቁር D4 ላይ ይጀምራል፣ ነጭ Q16 ይይዛል። ጥቁር D16፣ ነጭ Q4። አራቱም ማዕዘኖች ተያዙ፤ ግራው በሙሉ የጥቁር፣ ቀኙ በሙሉ የነጭ ነው። ጥቁር አሁን ቀኝ ታች ማዕዘን ላይ ያለችውን የነጭ ጠጠር R6 ላይ ሆኖ ይጠጋታል። ነጭ O3 ላይ ይመልሳል። ጥቁር በሁለተኛው መስመር ላይ S4 ድረስ ይንሸራተታል፣ ነጭ R3 ላይ ማዕዘኑን ይዘጋል። እስካሁን ስምንት ጠጠር ሆነ። ቀኝ ታች ይህን ይመስላል፤ ጥቁሩ ●፣ ነጩ ○ ነው፦

```
   L M N O P Q R S T
10 . . . . . . . . .
 9 . . . . . . a . .
 8 . . . . . . b . .
 7 . . . . . . . . .
 6 . . . . . . ● . .
 5 . . . . . . . . .
 4 . . . . . ○ . ● .
 3 . . . ○ . . ○ . .
 2 . . . . . . . . .
 1 . . . . . . . . .
```

ዘጠነኛው ተራ የጥቁር ነው፣ እናንተም ጥቁር ናችሁ። ዓይን የሚስበው D10 ነው። እሱን ከያዛችሁ D4፣ D10 እና D16 በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ግራው ጎን በሙሉ ወደ መሃል ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሌላው ምርጫ a ነው፣ ማለትም R9። ከR6 ሁለት ቦታ ዘልሎ በሦስተኛው መስመር ላይ መዘርጋት ነው። ሲታይ ትንሽ ነው። ጥቂት ነጥብ ያህል ጠርዝ ይዛችሁ፣ ለምን D10 ይቅርብኝ ያሰኛል።

መጀመሪያ፦ ተራችሁን ለነጭ ስጡት፣ በሐሳብ

መለያው እዚህ ነው። የራሳችሁን ጠጠር የት እንደምታስቀምጡ አታስቡ። ተራው የእኔ ባይሆን ኖሮ ብላችሁ ነጭ እዚያው ሰፈር ቀድሞ ሲጫወት አስቡት። ከዚያ ሦስት ጠጠር ቁጠሩ፦ የነጭን፣ የእናንተን መልስ፣ እንደገና የነጭን። ከሦስቱ በኋላ ጠጠሮቻችሁ ተረጋግተው ከተቀመጡ ቦታው አጣዳፊ አይደለም። ዓይን የምትሠሩበት ቦታ ጠፍቶ ወደ መሃል መሮጥ ከጀመራችሁ አጣዳፊ ነው።

በእኛ ሰሌዳ ላይ እንሞክረው። እናንተ D10 ያዛችሁ እንበል። ነጭ b ላይ፣ ማለትም R8 ላይ ይቆነጥጣችኋል። R6 እና S4 አሁን በሁለቱም በኩል ተዘግተዋል፤ ከታች የነጭ ማዕዘን R3ን ጨምሮ ጠንክሯል፣ ከላይ R8 አለ። በጠርዙ በኩል የቀረላችሁ ቦታ አንድ ዓይን ቢሰጥ ነው፣ ለመኖር ደግሞ ሁለት ያስፈልጋል። ስለዚህ መውጣት ግድ ነው። ሊቆረጥ የማይችለው መውጫ ሰያፍ ነው፦ Q7። ነጭም R8ን ይዞ ወደ መሃል አንድ ይራመዳል። እናንተ ትዘላላችሁ፣ እሱም ይዘላል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ነጭ በየተራው ምን እያገኘ እንደሆነ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ጠጠሮቼ ካልሞቱ ምን ይጎዳኛል ይላል። ምናልባት አይሞቱም። ነገር ግን ነጭ ሲያባርራችሁ የሚያስቀምጣቸው ጠጠሮች R8 እና Q16ን አያይዘው ቀኝ ላይኛውን ክፍል የእሱ ግዛት ያደርጉታል፤ ወደ መሃል የሚወጡት ደግሞ የእናንተን D10 ፊት ለፊት ያዩታል። ግራው ጎን ትልቅ የሆነው መሃሉ ባዶ ስለነበር ነው። ነጭ እያባረረ መሃል ከደረሰ ያ ባዶ ቦታ ይሞላል፣ የያዛችሁት ሰፊ ቦታ እዚያው ሳላችሁ ይጠባል። የእናንተ ጠጠሮች ግን ሲሮጡ ምንም አይከልሉም፤ መስመር ሠርተው መሃል ላይ ይቀራሉ እንጂ።

እኔ ይህን የተማርኩት ኢንተርኔት ላይ፣ በቀን አንድ ተራ በሚጫወቱበት ዝግ ያለ ጨዋታ ነው። D10ን ሳስቀምጥ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲያውም ሦስቱ ጠጠሮች ሲሰለፉ አይቼ ስልኩን ለባለቤቴ አሳየኋት። በማግስቱ R8 ላይ ነጭ ጠጠር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ማለዳ ማለዳ ስልኬን የምከፍተው ለመሸሽ ነበር። ጠጠሮቼ አልሞቱም። በሃያ ምናምን ነጥብ ተሸነፍኩ።

ቀጥሎ፦ የቀሩትን ሰፊ ቦታዎች ቁጠሩ

ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የረዳኝ ይኸው ነው። ሰሌዳውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። D10 ትልቅ ነው። ላይኛው ጎን መሃል K16 አለ። ታችኛው ጎን K4 አለ፣ ምንም እንኳ O3 ያለበት ነጭ ቀድሞ ቢጠጋው። ደግሞ Q16ን ከግራ በኩል O17 ላይ መጠጋት አለ። ሦስት፣ አራት ናቸው።

እንግዲህ እናንተ R9 ብትዘረጉ ነጭ ከእነዚህ አንዱን ይወስዳል። ምርጡን ይውሰድ፣ D10ን። እናንተ ሁለተኛውን ትወስዳላችሁ። R9 ላይ በመጫወታችሁ ያጣችሁት ሙሉው D10 አይደለም፤ በአንደኛው እና በሁለተኛው ምርጥ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በመክፈቻው ላይ ተመሳሳይ ቦታዎች ገና ብዙ ስለሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በተቃራኒው R9 አንድ ብቻ ነው፣ ምትክ የለውም። ነጭ R8ን ካስቀመጠ በኋላ ቀኝ ጎን ላይ ሌላ ማረፊያ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። የሰፊ ቦታዎች ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ሚዛኑ ይለወጣል። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ቦታ ብቻ ከቀረ፣ ለደካማ ጠጠሮች አንድ ተራ ስትሰጡ የምትከፍሉት ያንን ቦታ በሙሉ ነው። ያን ጊዜ ጠጠሮቻችሁ ትንሽ ቢጎሳቆሉም ቦታውን መያዝ ሊያዋጣ ይችላል። ዘጠነኛው ተራ ላይ ግን እንዲህ ያለ እጥረት የለም።

ከዚያ፦ ጠጠሯ ሁለት ሥራ ትሠራ እንደሆነ እዩ

R9 ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መከላከያ ብቻ ብትሆን ኖሮ ውሳኔው ይከብድ ነበር። ግን ወደ ላይም ታያለች። የነጭ Q16 በቀኝ ጎን ወደ ታች መስፋት ቢፈልግ R9 መንገዱን ዘግታለች። እዚያው ሰፈር ነጭ ቀድሞ R8 ቢያስቀምጥ ደግሞ ያቺው ጠጠር ለQ16 ማራዘሚያ ሆና ማጥቂያም ትሆን ነበር። ለሁለታችሁም ቁልፉ ያለው እዚያው ነው ማለት ነው፤ እናንተ ስትይዙት ያተረፋችሁትን ያህል እሱ ያጣል።

ሌላም አለ። R9 ከተቀመጠች በኋላ O17 ላይ Q16ን መጠጋት ከበፊቱ የበለጠ ይጎረብጠዋል፣ በቀኝ በኩል መዘርጊያው ጠቧልና። ስለዚህ ነጭ D10ን ሲወስድ የእናንተ ቀጣይ ተራ ባዶ እጅ አይደለም።

ደካማን ረድቶ ሰፊውንም የሚያይ ጠጠር በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ዝነኛ ምሳሌ አለው። በ1846 ወጣቱ ጃፓናዊ ተጫዋች ሹሳኩ ከአንጋፋው ጌንናን ኢንሴኪ ጋር ሲጫወት 127ኛዋን ጠጠር መሃል አካባቢ አስቀመጠ። ጠጠሯ የተዳከሙ አራት ጥቁር ጠጠሮችን እየደገፈች ላይኛውን ጎን ታሰፋ ነበር። ጨዋታውን ይከታተል የነበረ ሐኪም የኢንሴኪ ጆሮ ሲቀላ አየሁ አለ ይባላል፤ በዚህም «ጆሮ ያቀላችው» ተብላ ቀረች። መክፈቻ አይደለችም፣ መሃል ጨዋታ ናት። ግን ጥያቄው ያው ነው።

ስንት ቦታ መዝለል እንዳለባችሁም ልብ በሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ብቻዋን ካለች ጠጠር ሁለት ቦታ ዘልሎ መዘርጋት ደህና ነው፤ ከR6 ሁለት ዘልላችሁ R9 ትደርሳላችሁ። ስስት ይዟችሁ እስከ R11 ብትሄዱ ነጭ መሃሉ ላይ R8 ወይም R9 ይገባና ተመልሳችሁ ከምትሸሹበት ችግር ውስጥ ትወድቃላችሁ፤ አሁን ግን ሁለት ቦታ ተከፍላችሁ።

ጎረቤቱ ሲቀየር መልሱ ይቀየራል

አሁን ሰሌዳውን በሁለት ጠጠር ብቻ ለውጡት። Q16 ላይ ያለውን ነጭ አንሱና ጥቁር አድርጉት፤ በምትኩ D16 ነጭ ይሁን። ቀኝ ታች እንዳለ ነው፣ R6፣ S4፣ O3፣ R3 ሁሉም በቦታቸው። ያው ቅርጽ፣ ያው ክፍተት። R9 አሁንም አጣዳፊ ነው?

ያንኑ መለያ ሥሩ። ነጭ R8 ያስቀምጥ። አሁን ግን R8 ራሷ የት ነው ያለችው? ከታች R6፣ ከላይ የእናንተ Q16። መሃል ላይ ብቻዋን ገብታለች። እናንተ ከላይ R11 አካባቢ ብትጫወቱ እሷም መሸሽ ይኖርባታል። ሁለታችሁም ትሮጣላችሁ፤ ያን ጊዜ ነጭ እያባረረ የሚከልለው ግዛት የለም፣ ምክንያቱም ላይኛው ክፍል የእናንተ ነው። ስለዚህ እዚህ R9 ጥሩ ጠጠር ነው እንጂ የግድ አይደለም፣ ሌላ ቦታ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ መሄድ ትችላላችሁ።

ጠጠሮቹ ደካማ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ጥያቄ ለብቻው ስትጠይቁ የምትሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው። ቅርጹን ብቻ ሸምድዶ «ከተንሸራተትክ በኋላ ሁልጊዜ ዘርጋ» የሚል ሰው ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ አንድ ተራ ያባክናል። «ሁልጊዜ ሰፊውን ያዝ» የሚለው ደግሞ አንደኛው ላይ ይቃጠላል። ልዩነቱ ያለው ሌላኛው ማዕዘን ላይ፣ አሥር መስመር ርቆ ነው።

ውሳኔው የሚወሰነው ዘጠነኛው ላይ ሳይሆን ሰባተኛው ላይ ነው

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። D10ን መያዝ በጣም ፈልጋችሁ ከነበረ፣ የምትሄዱበት ጊዜ ከመንሸራተቻው በፊት ነበር።

ወደ ስድስተኛው ተራ እንመለስ። ሰሌዳው ላይ R6 አለች፣ ነጭ O3 መልሷል። ገና S4 አልተጫወተም። አሁን D10 ብትሄዱ ነጭ R8 ወይም አካባቢው ላይ መቆንጠጥ ይችላል፤ ግን የሚቆነጥጠው አንዲት ጠጠር ነው። ካስፈለገ R6ን ትተዋላችሁ። ወይም R3 ላይ ማዕዘኑ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ያ ቦታ ገና ክፍት ነውና። ጎ ተጫዋቾች እንዲህ ያለችውን ጠጠር «ቀላል» ይሏታል፦ ብትጠፋም ብዙ አትወስድም።

S4 እና R3 ከተለዋወጡ በኋላ ሁለት ነገር ተቀይሯል። ነጭ ማዕዘኑን አጠናክሯል፣ እናንተ ወደ ማዕዘኑ የመግባት ዕድል አጥታችኋል። እናንተ ደግሞ ሁለት ጠጠር አለባችሁ፤ ሁለቱን መተው ያሳዝናል፣ ሁለቱን ይዞ መሮጥ ይከብዳል። ይህን ነው «ከባድ» የሚሉት። በቅርብ ዓመታት ጎበዝ ፕሮፌሽናሎች R6 እና O3ን ተለዋውጠው እዚያው ትተውት ሌላ ቦታ ሲሄዱ በብዛት ይታያል፤ ጀማሪ ያንን አይቶ S4ንም ከጨመረ በኋላ ሲሄድ ነው ስህተቱ። ስለዚህ መንሸራተት ስታስቡ ከጀርባው ያለውን ተራም አብራችሁ ክፈሉ፦ S4ን የሚጫወት R9ንም ለመጫወት ዝግጁ ይሁን፣ ካልሆነ አይንካው።

በተቃራኒው የሚሳሳት ሰው

R9ን ተጫወታችሁ እንበል። ነጭ R11 ላይ ከላይ ይጠጋችኋል። እዚህ የብዙ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። «መጡብኝ» ይልና Q8 ወይም Q7 ላይ አንድ ጠጠር ይጨምራል። ያን ካደረጋችሁ ነጭ D10ን በነጻ አገኘ።

መለያውን እንደገና ሥሩ። R11 ካለ፣ ቀጥሎ ነጭ በሰፈሩ ሌላ ጠጠር ቢጨምር ምን ይሆናል? R7 ወይም R8 ላይ ቢገባ በR6 እና በR9 መካከል ተጣብቆ ነው፣ እናንተም መልስ አላችሁ። S4 ከታች ሆኖ ጠርዙን ይዟል። ሦስት ጠጠር ስትቆጥሩ ጠጠሮቻችሁ አሁንም ዓይን የሚሠሩበት ቦታ አላቸው። ሩጫ የለም። ስለዚህ R11 ዛቻ ይመስላል እንጂ ለዘጠኝ ሰከንድም መጨነቅ አያስፈልጋችሁም። አሥራ አንደኛው ተራ የእናንተ ነው፣ D10ም አሁንም ባዶ ነው። ያዙት።